የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ለምን ይዋሻል?

በሕፃናት የስኳር ክትትል ክፍል ከሚቀርቡ የቤት መመዝገቢያ ደብተሮች ሁሉ ሐኪምን ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርገው በጣም የሚያምረው ነው። 120፣ 130፣ 110፣ 140 እያለ ይሄዳል፤ ጠዋትም ማታም አንድ ቀን ሳይዘለል፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ስርዝ ድልዝ የለበትም፣ የደም ጠብታ የነካው ገጽ የለም፣ ቁጥሮቹ በሙሉ በዜሮ ያልቃሉ። እውነተኛ ደብተር እንዲህ አይሆንም። የልጅ ስኳር ዛሬ 87፣ ነገ 263 ይላል፤ ስትሪፕ ያለቀበት ሳምንት ደግሞ ባዶውን ይቀራል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንነሣ። ልጅቷን ሳምራዊት እንበላት። 13 ዓመቷ ነው፣ ክብደቷ 40 ኪሎ፣ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም እንዳለባት ከታወቀ አራት ዓመት ሆኗታል። ይህ ዓይነቱ ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም የሚመጣ ስለሆነ በኪኒን አይታከምም፤ በየቀኑ ኢንሱሊን መወጋት ግድ ነው። ሳምራዊት ድብልቅ የሚባለውን ኢንሱሊን ጠዋት 24፣ ማታ 12 ዩኒት እንድትወጋ ታዝዞላታል። ደብተሯ አማካይ ስኳሯ 130 ገደማ እንደሆነ ያሳያል። የደም ምርመራዋ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳይ ሲሆን የእሷ 10 ከመቶ ሆኖ መጣ። ይህም ስኳሯ በአማካይ 240 አካባቢ ሲመላለስ ቆይቷል ማለት ነው። ምርመራው በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ስኳር ስለሚለካ ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት በመጠንቀቅ አይሸወድም። ደም ማነስ ያለበት ልጅ ላይ ግን ሊዛባ ስለሚችል ሐኪሙ ይህንንም አብሮ ያያል።

ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። የኢንሱሊኑ ብልቃጥ ግን እቤት ውስጥ አለ፣ እሱም የሚናገረው ነገር አለው። አንድ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 36 ዩኒት የምትወጋ ልጅ በ28 ቀን አካባቢ ትጨርሰዋለች። የሳምራዊት እናት በ28ኛው ቀን ብልቃጡን ብርሃን ላይ ከፍ አድርገው ሲያዩት አንድ ሦስተኛው አለ፤ ወደ 330 ዩኒት ማለት ነው። የማታውን 12 ዩኒት በ28 ቀን ብናባዛው 336 ይመጣል። ያልተወጋው የማታው መርፌ ነው።

እናትየው አሁን የሚናገሩት የመጀመሪያው ቃል የሚቀጥሉትን ዓመታት ይወስናል ብዬ አምናለሁ። ጮኸው «ለካ ስታታልይኝ ነበር!» ካሉ ሳምራዊት በሚቀጥለው ወር ትርፉን ኢንሱሊን ወደ መታጠቢያው ታፈሰዋለች፣ ብልቃጡም እንደ ደብተሩ ያማረ ይሆናል። ያኔ እውነቱን የሚያውቅ አንድም ሰው አይኖርም። የውሸቱ ትልቁ አደጋም ይሄ ነው። ሐኪሙ «36 ዩኒት እየወጋች ስኳሯ አልወርድ አለ» ብሎ መጠኑን ወደ 46 ቢያሳድገውና ልጅቷ ደንግጣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በሙሉ ብትወጋው ስኳሯ በአንድ ሌሊት ሊያሽቆለቁል ይችላል።

ታዲያ ልጅቷ ለምን ተወችው? በእንዲህ ያለ ቤት ምክንያቱ አንድ ብቻ ሆኖ አይገኝም።

የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። ከስድስት ወር በፊት አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ በላብ ተጠምቃ እየተንቀጠቀጠች ነቃች፤ እናቷን ለመጥራት አፏ አልታዘዝ አላት። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰፈር ውስጥ ገመድ ስትዘል ውላ ነበር፣ ራቷንም በቅጡ አልበላችም። የማታው ድብልቅ ኢንሱሊን ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሠራው ክፍል ጉልበቱ የሚበረታው እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ ስኳሯ ወረደ። ስኳር ከፍ ሲል ወዲያው አያምም። ሲወርድ ግን የመሞት ያህል ያስደነግጣል። ልጅቷ ከዚያ በኋላ በራሷ ስሌት የማታውን መርፌ መተው ሕይወቷን የምታድንበት መንገድ መሰላት። ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገረችም፣ ምክንያቱም የጠየቃት የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ቤተሰቡ በቀና ልብ ያደረገው ነገር ነው። 11 ዓመት ሲሞላት ራሷን መውጋት ቻለች። ሁሉም አጨበጨበ፤ «ጎበዝ፣ አደገች» ተባለ፤ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መርፌው፣ መለኪያው፣ ደብተሩ በሙሉ ወደ እሷ ተላለፈ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ። መርፌውን ቆዳ ውስጥ ማስገባት የእጅ ሥራ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሊለምደው ይችላል። በየቀኑ ማስታወስ፣ ምግብንና ጨዋታን አይቶ ማመዛዘን፣ ሰልችቶም ቢሆን አለመተው ግን የሐሳብ ሸክም ነው፤ ይህን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብቻውን አይችለውም። በዚህ ሙያ ላይ ያሉ ሐኪሞች በሰፊው የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ወላጅ በጉርምስናው ዘመን ሙሉ አብሮ የቆየባቸው ልጆች ስኳራቸው የተሻለ እንደሚሆን ነው። አብሮ መቆየት ሲባል ደግሞ መቆጣጠር ማለት አይደለም። ልጅቷ ስትወጋ እናት ወይም አባት አጠገቧ ተቀምጠው ሲሪንጁ ላይ ያለውን መስመር አብረው ያያሉ፣ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። በቀን ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሦስተኛው ምክንያት የቁጥሩ አቀባበል ነው። መለኪያው 280 ሲል በቤቱ የሚሰማው «ምን በልተሽ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው የፖሊስ ነው፤ መልሱም አስቀድሞ ተወስኗል። እውነቱ ግን ስኳር ያለ ምንም ጥፋት ከፍ ይላል። ጉንፋንና ትኩሳት ያወጣዋል፣ የፈተና ጭንቀት ያወጣዋል። ከሁሉም በላይ ጉርምስና ያወጣዋል፤ በዚያ ዕድሜ የሚጨምሩት የእድገት ሆርሞኖች ኢንሱሊንን ስለሚታገሉ ልጁ በኪሎ ከአንድ ዩኒት በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። የሳምራዊት 36 ዩኒት በኪሎ ሲሰላ 0.9 ነው። ሁሉንም ብትወጋ እንኳ ላይበቃት ይችል ነበር። ልጅቷን ከመጠየቅ በፊት ኢንሱሊኑንም መጠየቅ ይገባል፦ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ሲመታው ከርሟል? በፍሪጁ የበረዶ ክፍል ውስጥ ገብቶ ረግቶ ያውቃል? ድብልቁ በመዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ሲንከባለል እንደ ወተት አንድ ወጥ መሆን አለበት። የተጓጎለ ነገር ከታየበት ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ቅንጣት ከተጣበቀ ተበላሽቷል። ጭኗንና ሆዷንም በጣት ዳሰስ ማድረግ ነው። ዘወትር አንድ ቦታ የሚወጋ ልጅ ከቆዳው ሥር ለስላሳ እብጠት ያበቅላል። እዚያ ላይ ብዙ ስለማያም ልጁ ይወደዋል፤ ኢንሱሊኑ ግን ከዚያ ወደ ደም የሚገባው እንደ ፈቀደው ነው።

ለዚህ ነው «ምን በልተሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ በሌላ መተካት ያለበት። «280 ነው? እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ?» ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ለጥሩ ልጅነት የተሰጠ ማርክ አይደለም፤ ቀጣዩን እርምጃ የሚነግር መረጃ ነው። «ጥሩ ስኳር»፣ «መጥፎ ስኳር» ከማለት «ከፍ ያለ»፣ «ዝቅ ያለ» ማለት ለልጁ ጆሮ ትልቅ ልዩነት አለው። ልጁ 310 ብሎ እውነቱን የጻፈ ዕለት ወላጅ ሊያመሰግነው ይገባል፤ የሚመሰገነው ስለ ጻፈው ነው።

የልጁ ስሜት ግን በጉርምስና አይጀምርም። ሥሩ ሕመሙ በታወቀባቸው የመጀመሪያ ወራት ውስጥ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለውም እዚያ ነው። ብዙ ልጆች በሽታው የሚታወቅላቸው ሰውነታቸው በአሲድ ተሞልቶ፣ እያስመለሱ፣ በጥልቀት እየተነፈሱ ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ ነው። ኢንሱሊን ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይከሰታል። ቆሽት ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሕዋሳት ዕረፍት አግኝተው እንደገና ትንሽ ያመነጫሉ። የሚያስፈልገው መጠን በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ልጁ ይወፍራል፣ ይጫወታል፣ ስኳሩም ደህና ይሆናል። ሐኪሞች ይህን የጫጉላ ጊዜ ይሉታል። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፤ ከዚያ ያበቃል።

ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ጸበል ከሚሄድበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ልጁ ሲሻለው «ዳነ» ተብሎ መርፌው ይቆማል። በቀናት ውስጥ ያ ጥልቅ ትንፋሽና ትውከት ይመለሳል፣ አንዳንዱም ሆስፒታል ሳይደርስ ይቀራል። ጸበሉን የሚከለክል ማንም የለም፤ መከልከልም ቤተሰቡን ከሐኪም ያሸሻል እንጂ ልጁን አይጠቅምም። በኤች አይ ቪ ዘመን ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩና አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ለኢንሱሊንም ያው ነው፦ ልጁ ጸበል ሲሄድ ብልቃጡ፣ ሲሪንጁና ምግቡ አብረውት ይሂዱ። የጫጉላውን ነገር ደግሞ ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣ አስቀድሞ ቢናገር፣ ለልጁም በሚገባው ቋንቋ ቢነገረው፣ በኋላ መጠኑ ሲጨምር «አጥፍቼ ነው» ብሎ አያስብም።

ትንሽ ልጅ ሁሉንም ነገር የሚያስረው ከጥፋትና ከቅጣት ጋር ነው። እኛ ሀገር «አርፈህ ካልተቀመጥህ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል!» እየተባለ ያደገ የአምስት ዓመት ልጅ፣ አንድ ቀን ዶክተሩ በእርግጥ መርፌ ሲወጋው፣ በማግስቱም እናቱ ራሷ ስትወጋው፣ ምን ያጠፋ ሊመስለው ይችላል? ስለዚህ በቀጥታ መንገር ያስፈልጋል፦ «ይህ ሕመም የመጣው ስላጠፋህ አይደለም፤ ከረሜላ ስለበላህም አይደለም፤ መርፌው ሆድህ ውስጥ ያለቀውን ነገር የሚተካ ነው።» አንድ ጊዜ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ልጁ በየዕድሜው እንደ አዲስ ይጠይቃል። ደግሞም «መርፌ ልውጋህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይገባም፤ ልጁ «አይሆንም» ካለ መልሱ ሊከበርለት አይችልም። «ዛሬ የቀኝ ጭንህን ነው የግራውን?» ብሎ መጠየቅ ግን እውነተኛ ምርጫ ይሰጠዋል። አስሮ ይዞ መውጋት ግድ የሆነበት ቀን ይኖራል፤ ያኔ ፈጥኖ ጨርሶ ማቀፍ ነው፣ ግማሽ ሰዓት መለማመጥ ፍርሃቱን ያሳድገዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምስጢሩ ነው። ብዙ ወላጆች ሕመሙን ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከትምህርት ቤት ይደብቃሉ፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ «ነገ ማን ያገባታል?» የሚል ሥጋት አለ። ሥጋቱን አልንቀውም። ግን ልጁ ከምስጢሩ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ «ያለብኝ ነገር ያሳፍራል»። የሚያፍር ልጅ መርፌውን ሽንት ቤት ውስጥ ይወጋል፣ ሰው ካለ ይዘለዋል፣ ስኳሩ ሲወርድ ለአስተማሪ አይናገርም። ለሁሉም መንገር አያስፈልግም፤ የክፍል ኃላፊው መምህር፣ የስፖርት መምህሩና አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ካወቁ ይበቃል።

ለመምህሩ የሚነገረውም ረጅም አይደለም። ልጁ በድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ካለ ባሕርዩ ከተቆጣ ወይም እንደ ሰከረ ከተናገረ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መለኪያ ካለ ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ወይም መለኪያ ከሌለ ሳይዘገይ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ይስጠው። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው ይድገምለት፣ ሲሻለው ዳቦ ቢጤ ያብላው። ብቻውን ወደ ቤት አይላከው። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። በሌላ በኩል ልጁ ደጋግሞ ሽንት ቤት ልሂድ፣ ውኃ ልጠጣ ካለ የስኳሩ መውጣት ምልክት ስለሆነ አይከልከል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ምግቡ የብቸኝነት ምንጭ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። ለአንድ ልጅ ብቻ የተለየ ሳህን ተቀርቦ ሌሎቹ ከአንድ መሶብ ሲበሉ፣ በየቀኑ ሦስት ጊዜ «አንተ ከእኛ ትለያለህ» እየተባለ ነው። እንጀራውም ሽሮውም ምስሩም ለሁሉም ይሆናል፤ ለውጡ በመጠኑና በሰዓቱ ላይ ነው፣ ሻዩም የቤተሰቡ ሁሉ ስኳር ቢቀንስለት የሚጎዳ የለም። ጾም ሲመጣ ጎረምሳው እንደ ጓደኞቹ ልጹም ማለቱ አይቀርም። ሥጋና ወተት መተው ለኢንሱሊኑ ችግር አይደለም፤ አደገኛው ጠዋት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ መቆየት ነው። ሕመምተኛ ከዚህ ነፃ እንደሆነ ከወላጅ ይልቅ ከንስሐ አባቱ አፍ ቢሰማው ልጁ በደል የሠራ አይመስለውም።

ወደ ሳምራዊት ስንመለስ፣ እናቷ ብልቃጡን ካዩ በኋላ አልጮኹም። ማታ አጠገቧ ተቀምጠው «የማታው መርፌ እያስቸገረሽ ነው መሰለኝ፤ ምንድን ነው የሚከብድሽ?» አሏት። መልሱ በዚያ ምሽት አልመጣም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ነው ስለዚያ ሌሊት የተናገረችው። ከዚያ ሦስት ነገር ተለወጠ። ለሐኪሙ የትኞቹ መርፌዎች እንደቀሩ በግልጽ ተነገረው፤ እሱም የማታውን መጠን መጀመሪያ ወደ 8 ዝቅ አድርጎ ቀስ በቀስ እንዲጨምር አደረገ፤ ልጅቷም ሌሊቱ በሰላም ሲያልፍ እያየች ፍርሃቷ እየለቀቃት መጣ። ከመተኛቷ በፊት መለካት ተጀመረ፤ ከ100 በታች ከሆነ ዳቦና ወተት ትጨምራለች፣ ከራስጌዋም ስኳር የተበጠበጠበት ጠርሙስ ተቀመጠ። የማታው መርፌ ደግሞ አባቷ ያሉበት ሥራ ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ ክትትሉ ሁሉ በእናትየው ትከሻ ላይ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ውጤቱ 10 ከነበረበት 8.7 ከመቶ ሆነ። ሐኪሙ ከሚፈልገው 7 አካባቢ ገና ይርቃል፤ ደብተሩም አሁን ያስቀይማል፤ 68 አለበት፣ 301 አለበት፣ ያልተሞሉ ቀናት አሉበት። ነገር ግን ሐኪሙ የጠዋቱን መጠን ወደ 26 ሲያሳድግ የሚያደርገውን አውቆ ነው።

እንዲህ ያለው ንግግር የማይሠራበት ልጅም አለ። ከጓደኞቹ የራቀ፣ ቀድሞ የሚወደውን ነገር የተወ፣ እንቅልፍ ያጣ ወይም ቀኑን ሙሉ የሚተኛ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ያለ ልጅ ከስንፍና ሳይሆን ከድብርት ጋር እየታገለ ሊሆን ይችላል፤ ድብርት የስኳር ሕመም ባለባቸው ልጆች ላይ ይበዛል። ይህ ንግግር ከተሰማ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ለሚከታተለው ሐኪም ወይም ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ኢንሱሊኑን ወላጅ ይዞ ይቆይ፣ እያንዳንዱን መርፌ ራሱ ይስጥ። ልጁ መርፌውን ከተወና ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ወይም እንደ በሰለ ፍራፍሬ ያለ የአፍ ሽታ ካመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን የሚኬደው ወደ ሆስፒታል ነው፤ ምግብ አልበላም ብሎም ቢሆን ሐኪም ሳያማክሩ ኢንሱሊኑን ማቆም አይቻልም።